ጅማ ውስጥ ቤት ድረስ ሄዶ ፀጉር መሥራት፦ ከስልኩ እስከ መመለሻው ባጃጅ

ሳሎን ለቀው ቤት ለቤት መሥራት የጀመሩ ልጆች ሲደውሉልኝ ቅሬታቸው አንድ ነው። «ሥራ አለ፣ ቀኑን ሙሉ እሮጣለሁ፣ ወሩ ሲያልቅ ግን እጄ ላይ የቀረ ነገር የለም።» ዋጋ እንዴት እንዳወጡ ስጠይቃቸው መልሱም አንድ ነው። የሳሎኑን ዋጋ ወስደው የባጃጅ ሂሳብ ይጨምሩበታል። ገንዘቡ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

እኔ ራሴ በዚሁ መንገድ ብዙ ወራት ከስሬበታለሁ። አሁን የምሠራበትን ቅደም ተከተል እንዳለ አስቀምጣለሁ። ለማሳያ የምወስደው ፀጉር ማጠብ፣ ፎን፣ ፒያስትራ እና ሹሩባ ነው። ሜካፕ ወይም ጥፍር የምትሠሪ ከሆነ ዕቃው ይለያል እንጂ ስሌቱና ጥንቃቄው አይለወጥም።

ደረጃ 1፦ ስልኩ ላይ ሁሉንም ጨርሺ

ደንበኛዋ ስትደውል «እሺ መጣሁ» አትበይ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢና እነዚህን ጠይቂ።

1. ስንት ሰው ነው? እያንዳንዷ ምን ትሠራለች? «እኔና ልጄ» ተብለሽ ሄደሽ አራት ሰው ተሰልፎ እንዳይጠብቅሽ በስም አስቆጥሪ።
2. ፀጉሩ ምን ያህል ርዝመት አለው? አሁን ምን ላይ ነው? ፎቶ ይላክልሽ። ያልተፈታ ሹሩባ ካለ መፍቻው ብቻ አንድ ሰዓት ሊበላ ይችላል። ወይ ፈተው ይጠብቁሽ ወይ አስከፍዪበት።
3. ውሃ አለ? ቧንቧ ጠፍቶ እንደሆነ ለሁለት ሰው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይቀዳ፣ ግማሹ ይሙቅ።
4. መብራት አለ? በሰፈሩ በየትኛው ሰዓት ነው የሚጠፋው?
5. ቤት ውስጥ ማን ማን ይኖራል? ለመጀመሪያ ጊዜ የምሄድበት ቤት ከሆነ ከምትሠራዋ ሴት ጋር በድምፅ ካላወራሁ አልሄድም። ወንድ ደውሎ «ለእህቴ ነው» ካለኝ «እሺ፣ እህትህን አገናኘኝ» እላለሁ።
6. ማን ነው ስልኬን የሰጠሽ? የሰጪዋን ስም ከነገረችሽ ለሰጪዋ ደውለሽ አረጋግጪ።

ከዚያ ዋጋውን ተናገሪና በቴሌብር ቀብድ ተቀበዪ። እኔ ከጠቅላላው ሲሶውን እወስዳለሁ። ቀብድ ያልላከ ሰው ቀኑን አልያዘም፤ ይህንንም በግልጽ ንገሪ። «ለኔ ቀብድ ትጠይቂያለሽ?» ብላ የምትቆጣ አትጠፋም። አትከራከሪ። «እትዬ፣ ለሁሉም ነው፣ ቀኑን ለርስዎ ስይዝ ሌላ ሰው ስለምመልስ ነው» በያት፣ ይበቃል። ከዋዜማው በኋላ ከቀረች ቀብዱ እንደማይመለስ ያኔውኑ በጽሑፍ ላኪላት። በኋላ የሚነሳ ጭቅጭቅ ሁሉ በዚያ መልእክት ያልቃል።

ሪላክሰርና ቀለም ከተጠየቅሽ

በመጀመሪያ ጉብኝት አልሠራም በዪ። ሪላክሰር በሰዓቱና በብዙ ውሃ ካልታጠበ የራስ ቆዳ ያቃጥላል። ውሃ መሃል ላይ ቢያልቅብሽ ማንም አያድንሽም። የፀጉር ቀለም ደግሞ ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ ትንሽ ተቀብቶ 48 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ያሳከከው ወይም የቀላ ሰው መቀባት የለበትም። «ጥቁር ሂና» የሚባለውም እንደዚያው ነው፣ ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የተቀላቀለበት ነው፤ ቆዳ ያቆስላል። ተፈጥሮው ሂና ሲደርቅ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ እንጂ ከሰል የመሰለ ጥቁር አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ከበር እስከ በር ያለውን ሰዓት ቁጠሪ

አንድ ሥራ ልውሰድ። ቤቴ ሄርማታ ነው እንበል። ደንበኛዋ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ናት። እናትና ሁለት ሴት ልጆች፣ የአረፋ ዋዜማ። እናት መታጠብና ፎን፣ ትልቋ ልጅ መታጠብ፣ ፎንና ፒያስትራ፣ ትንሿ ሹሩባ።

እጄ ፀጉር ላይ የሚቆይበት፦ ለእናት 60 ደቂቃ፣ ለትልቋ 80፣ ለሹሩባው 150። በድምሩ 290 ደቂቃ። አብዛኞቻችን እዚህ ላይ መቁጠር እናቆማለን።

አሁን የተረሳውን ጨምሪ። ቦርሳ ማዘጋጀት 20 ደቂቃ። ባጃጅ መሄጃ 25። ዕቃ መዘርጋት 15። መጥረግና መሰብሰብ 15። ቡና 15፤ ቡና ተፈልቶ እየሸተተ ተነስቶ መውጣት ጅማ ውስጥ አይሆንም፣ ስለዚህ እንደ ሥራ ሰዓት ቁጠሪው። መመለሻ 35። ቤት ገብቶ ዕቃ ማጠብ 30። ድምሩ 155 ደቂቃ።

ሁለቱ ሲደመሩ 445 ደቂቃ፣ ማለትም 7 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ የሚሆነው ከፀጉር ጋር ግንኙነት የለውም።

ይህ 155 ደቂቃ አንድ ሰው ብትሠሪም ሦስት ብትሠሪም ያው ነው። የቤት ለቤት ሥራ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፣ ደረጃ 3 ላይ ታይዋለሽ።

የመንገዱን ሰዓት ስትገምቺ ሁለት ነገር አስቢ። ሐሙስ የጅማ ትልቁ ገበያ ነው። በመርካቶ በኩል ማለፍ ካለብሽ በዚያ ቀን ሁለት ቤት አትያዢ። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡ አይታመንም። ዳገት ላይ ያሉ ሰፈሮች፣ ጅሬንን ጨምሮ፣ ውስጥ ለውስጡ መንገድ ሲጨቀይ ባጃጁ ዋናው መንገድ ላይ ያወርድሽና ዕቃሽን ተሸክመሽ ትወጫለሽ። በክረምት በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ 15 ደቂቃ እጨምራለሁ።

ደረጃ 3፦ ዋጋውን ከታች ወደ ላይ ሥሪ

የምጠቅሳቸው ብሮች ለስሌት ማሳያ ብቻ ናቸው። በየቦታው ያንቺን ተኪ።

*ሀ. የሰዓትሽን ዋጋ አውጪ።* ሳሎን ስትሠሪ በጥሩ ቀን ቤት ይዘሽ የምትገቢውን ውሰጂና በሰዓቱ አካፍዪ። 8 ሰዓት ሠርተሽ 1,200 ብር ይዘሽ የምትገቢ ከሆነ ሰዓትሽ 150 ብር ነው። ቤት ለቤት ስትሠሪ ከዚህ በታች መውረድ የለብሽም።

*ለ. ሰዓቱን አባዢ።* 7 ሰዓት ተኩል በ150፣ 1,125 ብር።

*ሐ. ያለቀውን ዕቃ ደምሪ።* ሻምፖ፣ ኮንዲሽነር፣ ቅባት፣ ጓንት፣ ለሦስት ሰው 210 ብር። የማታውቂው ከሆነ አዲስ ጠርሙስ ስትከፍቺ ቀኑን ጻፊበት፤ ስንት ራስ እንዳጠበ ስታውቂ ዋጋውን ታካፍያለሽ።

*መ. ባጃጅ ደርሶ መልስ።* ኮንትራት መሄጃ 150፣ ዝናብ ሲጀምር መመለሻ 200። 350 ብር። መሄጃውን ብቻ የምታስከፍሉ ብዙ ናችሁ። ስትመለሺ በእግርሽ ነው እንዴ?

*ሠ. የዕቃ ማርጀት።* 6,000 ብር የገዛሽው ፎን 100 ቤት ሠርቶ ይቃጠላል ብለሽ አስቢ፣ በቤት 60 ብር። ፒያስትራው 40። ድምር 100።

እስካሁን 1,785 ብር። በዚህ ላይ እኔ 15 በመቶ ያህል እጨምራለሁ፣ ለሚቀሩብኝና ለሚጓተቱብኝ ቀናት። ወደ 2,050 ብር ይመጣል። ለሦስቱ የምጠራው ዋጋ ይኸው ነው።

አሁን በተለመደው መንገድ እንየው። ሳሎን ለእናት 300፣ ለትልቋ 400፣ ለሹሩባው 600 ቢያስከፍል 1,300 ነው። የመሄጃ ባጃጅ 150 ሲጨመር 1,450። ከዚህ ላይ ባጃጅ 350፣ ዕቃ 210፣ ማርጀት 100 ሲቀነስ 790 ብር ይቀርሻል። ለ7 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አካፍዪው። በሰዓት 107 ብር እንኳ አይሞላም። ሳሎን ቁጭ ብለሽ 150 ታገኚ ነበር። ወሩ ሲያልቅ የምትፈልጊው ብር የሄደው እዚህ ነው።

አንድ ሰው ብቻ ስትጠራሽ

እናትየዋ ብቻዋን ፎን ብትፈልግስ? 60 ደቂቃ ሥራ፣ 155 ደቂቃ ሌላው። 3 ሰዓት ከ35 ነው፣ ወደ 540 ብር። ዕቃ 70፣ ባጃጅ 350፣ ፎን 60። ከ1,000 ብር ያልፋል፣ ያውም 15 በመቶው ሳይጨመር። ሳሎን 300 የሆነውን በ1,000 የሚያሠራ ሰው ብዙ የለም። እሷም ትክክል ናት፣ አንቺም ትክክል ነሽ። ሥራው ራሱ አይሆንም ማለት ነው።

ስለዚህ ደንብ አውጪ። ባጃጅ ኮንትራት የሚያስፈልገው ሰፈር ቢያንስ ሁለት ሰው። በእግርሽ 15 ደቂቃ የምትደርሺበት ቤት አንድም ሰው ይሁን። ደንበኛዋን «ጎረቤት ወይ እህት ካለች አንድ ላይ ያዙኝ፣ መንገዱን ትካፈሉታላችሁ» በያት። አብዛኛውን ጊዜ ሰው አታጣም። ከከተማ ውጪ፣ ለምሳሌ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አጋሮ፣ የምሄደው ቀኑን ሙሉ የሚሸፍን የሰርግ ሥራ ከሆነ ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ቦርሳው

ጎማ ያለው ሻንጣ አትግዢ። ጭቃ ላይ አይጎተትም። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳና ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ ይበቃል። ባልዲው ሲሄድ ዕቃ ይይዛል፣ እዚያ ሲደረስ የእጣቢ ውሃ ይቀበላል።

ፎን ስትመርጪ ዋቱን እዪ። 2,000 ዋት ፎን በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ቀጭን ገመድ ያለው የቤት ዲቫይደር ይህን ረጅም ሰዓት አይችልም፣ ይግላል፣ ይቀልጣል። 1,200 ዋት ያለው ትንሽ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ሰው ቤት ለመሥራት እሱ ይሻላል። የራስሽን ወፍራም ገመድ ያለው 5 ሜትር ዲቫይደር ያዢ። ፎንና ፒያስትራ አንድ ላይ አትሰኪ። የእንጀራ ምጣድ እየሠራ ከሆነ እስኪያልቅ ጠብቂ። በየ10 ደቂቃው ሶኬቱን በእጅሽ ንኪ። ከሞቀ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለ አጥፊና ሌላ ሶኬት ፈልጊ።

ካስክ ተሸክሞ አይኬድም። ስለዚህ በቢጉዲን ጠቅልሎ ማድረቅ የሚፈልግ ሥራ አትቀበዪ። በፎን ለማድረቅ ከሞከርሽ ውጪው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ሲፈታ ይወድቃል።

ማበጠሪያ ለአንድ ሰው አንድ ስብስብ፣ ሁለት መጠባበቂያ። ሦስት ሰው ከሆነ አምስት። ያገለገለው የሚገባበት የተለየ ፌስታል። ፎጣ የራሳቸውን ይጠቀሙ። ራስ ላይ የሚታሰር መብራት ያዢ፣ ሹሩባ ስትሠሪ መብራት ቢጠፋ ሥራሽ አይቆምም።

ደረጃ 5፦ ከመውጣትሽ በፊት

የባጃጁን የጎን ቁጥር፣ የደንበኛዋን ስልክና የሰፈሩን ስም ለአንድ ሰው ላኪ። እኔ ለእህቴ ነው የምልከው። ቴሌግራም ላይ ያለሽበትን ቦታ በቀጥታ የሚያሳየውን ለ8 ሰዓት ክፈቺላት። ስደርስ እደውላለሁ፣ ከደንበኛዋ ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፦ «ደርሻለሁ፣ 8 ሰዓት ላይ እጨርሳለሁ።» የቤቱ ሰው ሁሉ የሚጠብቀኝ ሰው እንዳለ ይሰማል።

ከእህቴ ጋር የተስማማንበት አንድ ዓረፍተ ነገርም አለ። «የትናንቱን ቅባት የት አደረግሽው?» ካልኳት ሳትጠይቅ ወዲያው ትደውልልኛለች፣ እኔም «ልጁ ታመመ» ብዬ እወጣለሁ። የእናንተን የራሳችሁን ፍጠሩ።

በር ላይ ስትደርሺ ስልክ ላይ ያወራሻት ሴት ካልወጣች አትግቢ። «ገላዋን እየታጠበች ነው፣ ግቢና ጠብቂ» ቢሉሽም ውጪ ጠብቂ። አንድ ጊዜ ወደ አንድ ማረፊያ ቤት ተጠርቼ፣ ስደርስ «ክፍል ውስጥ ናት» አለኝ አንድ ሰውዬ። ስልኳ ላይ ስደውል የጠራው የሱ ኪስ ውስጥ ነበር። ባጃጁን አላሰናበትኩትም ነበርና ተመልሼ ገባሁበት። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር አላፈርስም፦ ደንበኛዋ በር ላይ እስክትታየኝ ባጃጁ አይሄድም፣ ሙሽራ ከቤተሰቧ ጋር ካልሆነች በቀር ማረፊያ ክፍል አልሠራም።

ደረጃ 6፦ ቤት ውስጥ

1. ወንበሩን ወደ በሩ ቅርብ አድርጊ። ስልክሽ ኪስሽ ውስጥ ይሁን፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም።

2. ደንበኛዋ ፀጉሯን የምትሸፍን ከሆነች ማን ሊገባ እንደሚችል ጠይቂና በሩ ላይ መጋረጃ ይጣል። ፎቶ ሳትፈቅድ አታንሺ፣ ከኋላም ቢሆን።

3. ከማርጠብሽ በፊት ፀጉሩን ከፋፍለሽ የራስ ቆዳውን እዪ። ክብ ሆኖ ፀጉሩ የተበጣጠሰበትና ቅርፊት ያለው ቦታ ካለ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፤ ቅማል ወይም ቁስልም ካለ አትሥሪ። ለእናትየው ለብቻዋ፣ በዝግታ፣ «ይሄ መታከም አለበት፣ ሲድን እመጣለሁ» በያት። ልጅቷን ሰው ፊት አታሳፍሪያት።

4. መብራት የሚፈልጉትን አስቀድሚ። በእኛ ምሳሌ መጀመሪያ እናት፣ ቀጥሎ ትልቋ፣ መጨረሻ ሹሩባ። ሹሩባ ያለ መብራት ይሠራል፣ ፎን አይሠራም። ሹሩባ የምትሠራዋ ደግሞ ማታውን ታጥባ ደርቃ ትጠብቅሽ። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠሽ ሹሩባውን ካስቀደምሽ መብራት በመሃል ሲሄድ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ያይሻል።

5. አንዷን ሳትጨርሺ ሌላዋን አታርጥቢ። ሁለት እርጥብ ራስ ይዘሽ መብራት ቢጠፋ መውጫ የለሽም።

መብራቱ መሃል ላይ ከጠፋ

የቀረውን ፀጉር በፎጣ ጭመቂ፣ ስምንት ቦታ ከፍለሽ ወጠር አድርገሽ ጎንጉኚው። ሲደርቅ ቀጥ ያለ አይሆንም፣ ግን ሥርዓት ያለው ሞገድ ይሆናል። በመጠበቅ ላይ ሹሩባውን ጀምሪ። ሹሩባው አልቆም መብራቱ ካልመጣ የፎኑን ሂሳብ ቀንሺ፣ የመንገዱን ግን አትቀንሺ። ይህ ራሱ ስልኩ ላይ አስቀድሞ የተነገረ መሆን አለበት።

«እግረ መንገድሽን የሷንም» ሲሉሽ

ጎረቤት ትመጣለች። ሁልጊዜ ትመጣለች። ሳቅ ብለሽ በነፃ አትጀምሪ። መንገዱ የተከፈለ ስለሆነ ለተጨማሪ ሰው የሳሎኑን ዋጋ ብቻ አስከፍዪ፣ ቀድመሽም ተናገሪ። ሰዓትሽን ግን እዪ። ለመመለስ ያሰብሽው ሰዓት ካለፈ «ነገ» በያት። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ቤቴ ለመድረስ ነው የማቅደው፣ በማውቀው የባጃጅ ልጅ።

ደረጃ 7፦ ሂሳብና መመለስ

ቀሪውን ዕቃ ከመሰብሰብሽ በፊት ተቀበዪ። መስታወት አሳዪያት፣ የሚስተካከል ካለ አስተካክዪ፣ ከዚያ «ቀሪው ይህን ያህል ነው» በያት። በቴሌብር ከሆነ መልእክቱ ስልክሽ ላይ እስኪገባ ጠብቂ፣ የሷን ስክሪን አይተሽ አትውጪ። «ቀንሺ እንጂ» ካለች ብር አትቀንሺ። ለመጪው ጊዜ ከሦስት ሰው በላይ ካሰባሰበች ለእሷ ማጠቢያውን በነፃ እንደምታደርጊላት ንገሪያት። ይህ ላንቺም ያዋጣል፣ 155ቱ ደቂቃ ለብዙ ሰው ስለሚካፈል።

«ማታ እልክልሻለሁ» ብላ ካልላከች በማግስቱ አንድ ጊዜ ደውዪ፣ ሦስተኛው ቀን በጽሑፍ ላኪ። ከዚያ በኋላ ያቺ ደንበኛ ስትጠራሽ ሙሉውን አስቀድማ ትከፍላለች።

ቤት ስትገቢ ደክሞሽም ቢሆን ማበጠሪያዎቹን ሳታጥቢ አትተኚ። ፀጉሩን አውጪ፣ በሳሙናና በብሩሽ እጠቢ። ከዚያ በረኪና ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆዩ፤ ጠርሙሱ 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ ኩባያ በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ውሃ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅዪ፣ መስኮት ክፈቺ። መቀስና ክሊፕ ብረት ስለሆኑ ይዝጋሉ፣ እነሱን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጊ። ማበጠሪያዎቹን በንጹህ ውሃ አለቅልቀሽ ጨርቅ ላይ ዘርግተሽ አድርቂ። የጅማ ክረምት እርጥበቱ ብዙ ስለሆነ እስከ ጠዋት ላይደርቁ ይችላሉ፣ ሁለተኛ ስብስብ ያስፈለገኝም ለዚህ ነው።